ነጩን ከማየት በፊት ሳሉን መስማት፦ የጉሮሮ ሕመምን ስለ መለየት



ዛሬ ስለ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምንነጋገረው። ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው፣ ሕመሙ ከቫይረስ የመጣና በራሱ ጊዜ የሚያልፍ ነው ወይስ ስትሬፕቶኮከስ ከሚባለው ባክቴሪያ የመጣና መድኃኒት የሚያስፈልገው? ሐኪሞች ባክቴሪያውን በአጭሩ ስትሬፕ ስለሚሉት እኔም እንደዚያው እጠራዋለሁ። ይህ ጥያቄ በየመድኃኒት ቤቱ መስኮት በየዕለቱ ይነሣል፤ መልሱም ብዙውን ጊዜ ግምት ነው። እናት "ቶንሲል ይዞታል፣ አሞክሳሲሊን ስጡኝ" ትላለች፤ ይሰጣታል፤ ልጁ በአራተኛው ቀን ይሻለዋል፤ መድኃኒቱም የተመሰገነ ይሆናል። ልጁ ግን ያለ መድኃኒቱም በአራተኛው ቀን ይሻለው ነበር ይሆናል።

የግምቱ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ በቶንሲሉ ላይ የታየው ነጭ ነገር። ነጭ ካለ መድኃኒት፣ ነጭ ከሌለ ሻይ በዝንጅብል። እኔ ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህ ሚዛን የተገለበጠ መሆኑን ነው። ሁሉም ሰው የሚያምነው ነጩ ምልክት ብቻውን ሲሆን ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ማንም ከቁጥር የማያስገባው ሳል ደግሞ፣ በመኖሩም ባለመኖሩም፣ ብዙ ይናገራል።

አስቀድሜ መለየቱ ለምን እንደሚያስጨንቀን ልንገራችሁ። የስትሬፕ የጉሮሮ ሕመም ብዙ ቀን አይቆይም፤ ሳይታከምም ከሦስት እስከ አምስት ባሉት ቀናት ውስጥ ትኩሳቱ ይበርዳል፣ ሕመሙም ይቀንሳል። ጭንቀቱ ከዚያ በኋላ ነው። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ በአንዳንድ ልጆች ላይ ዞሮ የራስን አካል ይመታል። ጉሮሮው ከዳነ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ የጉልበት ወይም የቁርጭምጭሚት መገጣጠሚያ ያብጣል፤ ሕመሙ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ይዞራል፤ ልጁ ያተኩሳል፤ ልብም አብራ ልትቃጠል ትችላለች። ይህ ሩማቲክ ፊቨር ይባላል። ሲደጋገም የልብ ቫልቮችን ያጠብባል ወይም እንዳይገጥሙ ያደርጋል። በአገራችን ሆስፒታሎች የልብ ክፍል በሩማቲክ የልብ በሽታ የታመሙ ወጣቶችን፣ ከእነርሱም ውስጥ ነፍሰ ጡር ሆነው ትንፋሽ ያጠራቸውን ሴቶች፣ ማየት የተለመደ ነው። ብዙዎቹ "ጉሮሮሽን አሞሽ ያውቅ ነበር?" ሲባሉ አያስታውሱም።

ስለዚህ ስትሬፕን ማሳለፍ አይገባም። ግን ጉሮሮውን ያመመው ሁሉ ስትሬፕ የለበትም። ለጉሮሮ ሕመም ወደ ሐኪም ከሚመጡት ልጆች ስትሬፕ የሚገኝባቸው ከመቶ ከ20 እስከ 30 ያህሉ ናቸው፤ ከአዋቂዎች ደግሞ ከመቶ ከ5 እስከ 15 ብቻ። ሌላው በአብዛኛው ቫይረስ ነው፤ ቫይረስን አሞክሳሲሊን አይነካውም። ለሁሉም መስጠት ማለት ለብዙኃኑ ተቅማጥና ሽፍታ ማትረፍ፣ በአንጀትና በአፍንጫ የሚኖሩትንም ሌሎች ባክቴሪያዎች መድኃኒት እንዲለምዱ ማሠልጠን ነው።

በ1981 ሮበርት ሴንቶር የሚባል አሜሪካዊ የውስጥ ደዌ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በቨርጂኒያ ድንገተኛ ክፍል ጉሮሯቸውን አሟቸው የመጡ አዋቂዎችን አጠና። ከጉሮሯቸው በጥጥ ናሙና ወሰደ፤ ምልክቶቻቸውን መዘገበ፤ ከዚያም ስትሬፕ የተገኘባቸውን ካልተገኘባቸው የሚለዩት የትኞቹ ምልክቶች እንደሆኑ አሰላ። አራት ወጡ። ትኩሳት፣ የሳል አለመኖር፣ በአንገት ፊት ለፊት ያበጠና ሲነካ የሚያም ንፍፊት፣ በቶንሲል ላይ ነጭ ወይም ቢጫ ሽፋን። እያንዳንዱ አንድ ነጥብ ነው። በ1998 ዋረን ማክአይዛክ የተባለ የቶሮንቶ ሐኪም ዕድሜን ጨመረበት፤ ከ3 እስከ 14 ዓመት ለሆነው አንድ ነጥብ ይታከላል፣ 45 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው አንድ ይቀነሳል፣ በመካከል ያለው ባለበት ይቆያል። ቶንሲሉ ባይነጣ እንኳ ካበጠ ነጥቡ እንዲያዝ ያደረገውም እርሱ ነው።

አሁን አራቱን አንድ በአንድ እንያቸው፤ ምክንያቱም ነጥብ መቁጠር ቀላል ሆኖ ሳለ የሚሳሳተው ሰው የሚሳሳተው ምልክቱን ሲፈልግ ነው።

ትኩሳት ስንል ከ38 ዲግሪ በላይ ማለታችን ነው። ግንባርን በእጅ ዳስሶ "ይፋጃል" ማለት አይበቃም፤ ከውጭ ለገባ ቀዝቃዛ እጅ ግንባር ሁሉ ትኩስ ይመስለዋል። ቴርሞሜትር በብብት ሲለካ ከእውነተኛው የሰውነት ሙቀት ግማሽ ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚያነብ አስታውሱ። ሌላው የሚዘነጋ ነገር ፓራሲታሞል ነው። ከሁለት ሰዓት በፊት ሽሮፕ የጠጣ ልጅ ጤና ጣቢያ ሲደርስ 37 ሊያነብ ይችላል፤ ነርሷም "ትኩሳት የለውም" ብላ ትጽፋለች። ሌሊቱን 39 እንደነበረ መናገር የእናንተ ድርሻ ነው፤ ቤት ውስጥ የተለካ ትኩሳትም ይቆጠራል።

አመጣጡንም ልብ በሉ። ስትሬፕ ብዙውን ጊዜ ድንገት ነው የሚይዘው። ጠዋት ደህና ሆኖ ትምህርት ቤት የሄደ ልጅ ከሰዓት በኋላ ራሱን ይዞ፣ ሆዱን አሞት፣ አንዳንዴም አስመልሶት ይመለሳል። ጉሮሮውን እንደሚያመው ሳይናገር ስለ ሆዱ ብቻ የሚያለቅስ ልጅ አለ። የቫይረሱ ግን ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው፤ መጀመሪያ አፍንጫ ይበላል፣ ከዚያ ያስነጥሳል፣ በማግስቱ ጉሮሮ ይከረክራል።

ወደ ሳል እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ስትሬፕ የሚቀመጠው በቶንሲልና በጉሮሮ ግድግዳ ላይ ነው። ከዚያ አልፎ ወደ ድምፅ ሳጥንና ወደ አየር ቱቦ አይወርድም፣ ወደ አፍንጫም እምብዛም አይወጣም። ስለዚህ የሚያሳምመው መዋጥን ነው እንጂ ሳል አያመጣም። የጉንፋን ቫይረሶች ግን ከአፍንጫ እስከ ሳንባ ቱቦ ያለውን ስስ ቆዳ ሁሉ ይይዛሉ። ለዚህ ነው ንፍጥ፣ ማስነጠስ፣ የድምፅ መጎርነን፣ የዓይን መቅላት፣ ሳል አብረው የሚመጡት። እነዚህ ተሰብስበው ካያችሁ የቫይረስ ዱካ ነው።

ስለዚህ ነጥቡ የሚሰጠው ሳል ለሌለው ነው። ይህን ሰው ሁሉ ይገለብጠዋል። ልጁ ሌሊቱን ሲያስል ካደረ እናት "በጣም ጠንክሮበታል፣ መድኃኒት ያስፈልገዋል" ትላለች። ስሜቷ ይገባኛል፤ የልጅ ሳል እንቅልፍ ይነሣል። ነገር ግን ለምንፈራው ባክቴሪያ ሳሉ ማስረጃ ሳይሆን ማስተባበያ ነው። ይልቅ የሚያሳስበኝ ዝም ብሎ የተኛው፣ የማያስለው፣ አፍንጫው ደረቅ የሆነው፣ ምራቁን ሲውጥ ፊቱን የሚያጨማድደው ልጅ ነው። ሳልን ስትመዝኑ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ጉሮሮን ለማጥራት "እህ፣ እህ" ማለት ሳል አይደለም፤ አስም ያለበት ልጅም የዘወትር ሳሉን አሁን የመጣ አድርጎ ሊያሳስታችሁ ይችላል። መጠየቅ ያለበት ከዚህ ሕመም ጋር አብሮ የመጣ አዲስ ሳል መኖሩ ነው።

ሦስተኛው ንፍፊት ነው። አብዛኛው ሰው አንገትን በሙሉ ይደባብስና አንድ ነገር ሲያገኝ ይደነግጣል። ጤነኛ ልጅ አንገቱ ላይ ትንንሽ፣ የማያሙ፣ በጣት ሥር የሚንሸራተቱ ንፍፊቶች ይኖሩታል፤ እነዚያ አይቆጠሩም። የምንፈልገው ቦታው የታወቀ ነው። ከልጁ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ የሁለቱን እጆቻችሁን የጣት ጫፎች ከጆሮው ጉትቻ በታች፣ መንጋጋው ከሚታጠፍበት ጥግ ሥር አድርጉ፤ በቀስታ ጫን እያላችሁ ወደ ፊት ውረዱ። ከቶንሲል የሚወጣው ፈሳሽ የሚያልፈው በዚያ ስለሆነ ስትሬፕ ሲይዝ ያ ንፍፊት ያብጣል፣ ሲነካም ያማል። ልጁን "ያምሃል?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም "አዎ" ይላል። ዓይኑን እዩ። የሚያም ከሆነ ዓይኑ ይጠብባል፣ አንገቱንም ወደ ኋላ ይስባል። ከዚያም ጣታችሁን ወደ አንገቱ ጀርባ፣ ከትልቁ የአንገት ጡንቻ በስተኋላ ውሰዱ። እዚያ ብዙ ንፍፊት ካገኛችሁ ነገሩ ሌላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

የመጨረሻው ቶንሲሉ ነው። ልጁን ወደ መስኮት ብርሃን አዙሩት ወይም የስልክ መብራት ያዙ፤ አፉን ከፍቶ "አ" ይበል፤ ካልታየ የማንኪያ እጀታ በምላሱ መካከል ላይ ጫን አድርጉ። ከማየታችሁ በፊት ግን ውኃ ይጠጣ፤ ወተትና ገንፎ ቶንሲል ላይ ተለጥፎ መግል ይመስላል። በስትሬፕ ቶንሲሉ ይቀላል፣ ያብጣል፣ በላዩ ነጭ ወይም ቢጫ ነጠብጣብ ወይም ሽፋን ይታያል፤ በላንቃው ላይ ትንንሽ ቀያይ ነጥቦችም ሊኖሩ ይችላሉ።

ግን ነጭ ነገር ሁሉ ስትሬፕ አይደለም። አዴኖቫይረስ የሚባለው የቫይረስ ዝርያ ልክ እንደዚያ ያለ ሽፋን ያመጣል። ትኩሳት የማያመጣ፣ ሳያምም በቶንሲሉ ቀዳዳ ውስጥ የተቀመጠ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ጠጣር ነጭ ፍሬ የምግብ ቅሪትና የሞቱ ሕዋሳት ጥርቅም ነው። በጉንጭ ውስጠኛ ክፍልና በምላስ ላይ የተዘረጋ ነጭ ደግሞ ፈንገስ ነው። በተቃራኒውም ስትሬፕ ኖሮ ቶንሲሉ ቀልቶና አብጦ ብቻ፣ ያለ አንዳች ነጭ፣ ሊቀር ይችላል። ነጩን ብቻ የሚያይ ሰው በሁለቱም በኩል ይሳሳታል፤ ለማያስፈልገው መድኃኒት ይሰጣል፣ የሚያስፈልገውንም ያሳልፋል።

እዚህ ላይ ስለ እንጥል አንድ ቃል ልናገር። ጉሮሮ ሲቃጠል እንጥልም አብራ ትቀላለች፣ ታብጣለች፣ ረዝማም ትታያለች። ከዚህ የተነሣ በብዙ ቦታ ሕመሙን እርሷ ያመጣችው ይመስል ትቆረጣለች። ባክቴሪያው ያለው ቶንሲል ላይ ስለሆነ እንጥልን መቁረጥ አንዱንም አያስወግድም፤ በምላጩ የሚመጣው መድማትና መመረዝ ግን ሕፃናትን ገድሏል። ይህን የሚያደርግ ጎረቤት ካላችሁ ዝም አትበሉት።

ነጥቡ ሲደመር ምን ይነግረናል? ዜሮ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ሰው ስትሬፕ የመያዙ ዕድል ከመቶ ሁለት ያህል ነው። አንድ ከሆነ ከ5 እስከ 10፣ ሁለት ከሆነ ከ11 እስከ 17፣ ሦስት ከሆነ ከ28 እስከ 35። አራትና ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ ከመቶ 50 ትንሽ በለጥ ይላል። የመጨረሻውን ቁጥር ደግማችሁ አስቡት። ምልክቱ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ ከሁለት ሰዎች በአንዱ ላይ ስትሬፕ የለም። እንግዲህ የነጥቡ ጥንካሬ "አለ" ለማለት ሳይሆን "የለም" ለማለት ነው። ዝቅተኛ ነጥብ ያለውን በልበ ሙሉነት ያለ መድኃኒት እናስተኛዋለን፤ ከፍተኛ ነጥብ ያለውን ግን መመርመር አለብን።

አንድ ቤት እናስብ። ሦስት ልጆች በአንድ ሳምንት ውስጥ ጉሮሯቸውን አሟቸዋል፤ እናት ሦስቱንም አንድ ላይ ለማከም አስባለች።

የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ድንገት ነው የጀመረው። ራሱን ያመዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ አንድ ጊዜ አስመልሶታል። በብብት 38.6 ነው። አያስልም፣ አፍንጫውም ንጹሕ ነው። ከመንጋጋው ጥግ ሥር በሁለቱም በኩል ባቄላ የሚያህል ንፍፊት አለ፤ ሲነካ አንገቱን ይስባል። ቶንሲሎቹ አብጠው ቀልተዋል፤ ነጭ ነገር ግን የለም። እናት "ነጭ ስለሌለው ጉንፋን ነው" ብላለች። እንቁጠር። ትኩሳት አንድ፣ የሳል አለመኖር ሁለት፣ ንፍፊት ሦስት፣ የቶንሲል እብጠት አራት፣ ዕድሜ አምስት። በቤቱ ውስጥ በጣም የሚያሳስበው ልጅ እናት ያለፈችው ልጅ ነው።

የአምስት ዓመቷ እኅቱ ሁለት ቀን አስላለች። ንፍጥ አላት፣ ድምፅዋ ጎርንኗል፣ ዓይኖቿ ቀልተዋል። 38.2 ናት። ንፍፊቷ ሲነካ አያማትም። ቶንሲሏ ላይ ግን ሁለት ሦስት ነጭ ነጥብ አለ፤ እናትን ያስደነገጣትም ይኸው ነው። ትኩሳት አንድ፣ ቶንሲል ሁለት፣ ዕድሜ ሦስት። ሦስት ነጥብ እንዲህ በቀላሉ መጣ። ነገር ግን ነጥቡ ንፍጥን፣ የዓይን መቅላትንና የድምፅ መጎርነንን አይቆጥርም፤ ሐኪሙ ነው የሚቆጥራቸው። እነዚህ ከሳል ጋር በአንድ ልጅ ላይ ሲሰበሰቡ የቫይረስ ምስክርነታቸው ከሁለቱ ነጭ ነጥቦች ይበልጣል። ይህች ልጅ ፓራሲታሞል፣ ብዙ ፈሳሽ፣ ለብ ያለ ሻይ ከማር ጋር፣ ጥቂትም ትዕግሥት ነው የምትፈልገው። ማሩን ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን አትስጡ።

የአሥራ ሰባት ዓመቱ ታላቅ ወንድማቸው ጉሮሮውን ካመመው አሥር ቀን ሆኖታል። በጣም ደክሞታል፤ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ይተኛል። ትኩሳት አለው፣ ሳል የለውም፣ የፊት ንፍፊቱ ያመዋል፣ ቶንሲሉ በወፍራም ነጭ ተሸፍኗል። አራት ነጥብ። ነጥቡን ብቻ የያዘ ሰው ወዲያው ፔኒሲሊን ይጽፋል። ሆኖም የስትሬፕ ሕመም አሥር ቀን አይቆይም፤ ነጥቡም የተሠራው በቅርብ ለጀመረ ሕመም ነው። ጣታችንን ወደ አንገቱ ጀርባ ስንወስድ በዚያም ንፍፊቶች ተደርድረው እናገኛለን። ይህ ኤፕስታይን ባር የሚባለውን ቫይረስ ያስጠረጥራል። ብዙ ልጆችን በሕፃንነታቸው ሳይታወቅ ይይዛቸዋል፤ በጉርምስና ሲይዝ ግን እንዲህ ያደክማል። እንዲህ ያለው ወጣት አሞክሳሲሊን ቢወስድ ሰውነቱን በሙሉ ሽፍታ ሊሞላው ይችላል፤ ከዚያም ዕድሜውን ሁሉ "የፔኒሲሊን አለርጂ አለብኝ" እያለ ይኖራል፤ እውነት ላይሆን ይችላል። ጣፊያውም ሊያብጥ ስለሚችል ሳምንታት ያህል ከኳስና ሆድ ከሚመታበት ጨዋታ ይራቅ። እርሱ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።

ምርመራን ካነሣን፣ ስትሬፕን የሚያረጋግጡት ከጉሮሮ በጥጥ የሚወሰዱ ሁለት ምርመራዎች ናቸው። ፈጣኑ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት ይሰጣል፤ የባክቴሪያ ማሳደጊያው ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይፈጃል። ፈጣኑ "አለ" ካለ በአብዛኛው እውነቱን ነው፤ "የለም" ሲል ግን አልፎ አልፎ ስለሚያመልጠው በልጆች ላይ በማሳደጊያው ማረጋገጥ የተለመደ ነው። አሜሪካና እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችን ልጃቸውን ሲወስዱ በአብዛኛው ይህ ይደረግላቸዋል። ለእነርሱም የምለው አለ፤ ለሚያስልና ንፍጥ ላለው ልጅ ምርመራውን አትወትውቱ። ከጤነኛ የትምህርት ቤት ልጆች መካከል በርከት ያሉት ባክቴሪያውን ሳይታመሙ በጉሮሯቸው ይዘውት ይኖራሉ። በጉንፋን የመጣ እንዲህ ያለ ልጅ ሲመረመር "ስትሬፕ አለበት" ይባላል፤ ያመመው ግን ቫይረሱ ነው።

እኛ ጋ ፈጣኑ ምርመራ በብዙ ቦታ አይገኝም። በምትኩ ኤኤስኦ የሚባለው የደም ምርመራ ይታዘዛል፤ እዚህ ላይ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኤኤስኦ ሰውነት ለስትሬፕ ያዘጋጀውን መከላከያ ነው የሚለካው። ይህ መከላከያ መነሣት የሚጀምረው ከሳምንት በኋላ ነው፤ ከፍ ብሎ የሚታየውም ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ነው፤ ከዚያም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ዛሬ ጉሮሮውን ያመመው ልጅ ኤኤስኦው ዝቅ ቢል ስትሬፕ የለበትም ማለት አይደለም፤ ከፍ ቢልም ያለፈው ወር ትዝታ ሊሆን ይችላል። ለሩማቲክ ፊቨር ምርመራ ይጠቅማል፤ ለዛሬ የጉሮሮ ሕመም አይጠቅምም። ለዚያ ገንዘብ አታውጡ።

ምርመራ በሌለበት ታዲያ ምን እናድርግ? ሩማቲክ ፊቨር ብርቅ በሆነበት አገር ያለ ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት አልሰጥም ሊል ይችላል። እኛ ግን በተለይ ከ3 እስከ 15 ዓመት ባለው ልጅ ላይ ሚዛናችን ይለያል፤ ሳልና ንፍጥ የሌለው፣ ነጥቡም ሦስትና ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ ቢታከም ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ስትሬፕም ሩማቲክ ፊቨርም እምብዛም አይዘውም።

ለማሰብ ጊዜ አለ። ሕመሙ በጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ የተሰጠ ፔኒሲሊን ሩማቲክ ፊቨርን ይከላከላል። ስለዚህ ማክሰኞ የጀመረውን ልጅ ረቡዕና ሐሙስ ማየት ልቡን አደጋ ላይ አይጥልም። አጠራጣሪ የሆነው ልጅ በሁለት ቀን ውስጥ ራሱን ይገልጻል፤ ወይ ማሳልና ማስነጠስ ይጀምራል፣ ወይ ንፍፊቱ እያደገ ይሄዳል። ነገር ግን ትኩሳቱ ስለ በረደ ብቻ "ቫይረስ ነበር" አትበሉ፤ ስትሬፕም በራሱ እንደሚበርድ ነግሬአችኋለሁ። ነጥቡን የምትወስዱት ሕመሙ በበረታበት ቀን ነው፤ ጻፉት።

ይህን ሁሉ ቆጠራ ትታችሁ ወዲያው ወደ ሐኪም የምትሮጡባቸው ምልክቶችም አሉ። ልጁ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ካዝረከረከ፣ አፉን መክፈት ካቃተው፣ ድምፁ ትኩስ ድንች በአፉ እንደያዘ ሰው ከታፈነ፣ አንደኛው ቶንሲል ብቻ እንጥልን እስኪገፋ ካበጠ፣ ሲተነፍስ ከጮኸ ወይም አንገቱን ማንቀሳቀስ ካልቻለ፣ ከጉሮሮው ጀርባ መግል ቋጥሮ ወይም የአየር መተላለፊያው ጠብቦ ሊሆን ይችላል። ክትባቱን ያላሟላ ልጅ ላይ ግራጫ፣ ከሥሩ የተጣበቀ፣ ለማንሣት ሲሞከር የሚደማ ሽፋን ካያችሁ ደግሞ ዲፍቴሪያ ነው ብላችሁ ተነሡ፤ እናንተ ለማንሣት አትሞክሩ። የሰውነት ቆዳም ይዳሰስ። ከስትሬፕ ጋር የሚመጣው ሽፍታ በጠይም ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል፤ ደረትና ሆድ ሲዳሰስ ግን ሻካራ ነው።

ስትሬፕ ነው ከተባለ መድኃኒቱ ፔኒሲሊን ወይም አሞክሳሲሊን ነው። ይህ ባክቴሪያ ፔኒሲሊንን የሚቋቋም ሆኖ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ስለዚህ ውድና አዲስ መድኃኒት አትፈልጉ። በአፍ የሚወሰደው አሥር ቀን ሙሉ ነው። ልጁ በሦስተኛው ቀን ይጫወታል፤ ብዙ ቤት ሽሮፑ የሚቋረጠው ያን ዕለት ነው። በሦስተኛው ቀን የዳነው ስሜቱ ነው፤ አሥሩ ቀን የሚያስፈልገው ባክቴሪያውን ከጉሮሮ ጨርሶ ለማጥፋት ነው። አሥር ቀን መስጠት እንደማትችሉ ካወቃችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ በጡንቻ የሚሰጥ አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ከመርፌው በፊት ስለ አለርጂ ይጠየቃል። አስፒሪን ለልጅ አትስጡ።

የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ መድኃኒት በጀመረ በማግስቱ፣ ትኩሳቱም ከለቀቀው፣ ወደ ክፍል መመለስ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ሌላውን እምብዛም አያስይዝም። ጤነኛ የሆኑት የቤቱ ሰዎች መድኃኒት አያስፈልጋቸውም። በቀጣዩ ወር ውስጥ ግን ጉልበቱ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ካበጠ፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ወይም እጁ ያለ ፈቃዱ መወራጨት ከጀመረ ያንኑ ዕለት አምጡት፤ ለሐኪሙም ጉሮሮውን የታመመበትን ቀንና የጻፋችሁትን ነጥብ አሳዩት።